እንቁላሉ አልተሰበረም፤ ቲማቲሙስ?

በአንድ የወረዳ ከተማ በተዘጋጀ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርዕይ ላይ ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። ብዙ ሰው ከከበባቸው ጠረጴዛዎች አንዱ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪዎች የሠሩት ዕቃ የሚጨብጥ የሮቦት እጅ የቀረበበት ነው። እጁ ሁለት የአሉሚኒየም ጣቶች አሉት። በአንዱ ጣት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳንቲም የምታክል ስስ የኃይል ሴንሰር ተለጥፋለች፤ ከላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ካሜራ ወደ ታች ትመለከታለች። ተማሪው አንድ ቁልፍ ሲነካ ጣቶቹ ተዘጉ፤ እንቁላሉን አነሡ፤ ወደ ሌላኛው ሳህን ወስደው አስቀመጡት። እንቁላሉ አልተሰበረም። የክብር እንግዶቹም፣ የወረዳው አመራሮችም፣ እኛ ጋዜጠኞችም አጨበጨብን።

ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ የመስኖ ቲማቲማቸውን ይዘው የቀረቡ አንድ አርሶ አደር ግን አላጨበጨቡም። ከሳጥናቸው በደንብ የቀላ ቲማቲም መርጠው ወደ ተማሪው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼንንም ያነሣልሃል?»

«ያነሣል ጋሼ፤ ይስጡኝ።»

አነሣው። አርሶ አደሩ ቲማቲሙን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ምንም ምልክት አልነበረበትም። እኔ ያንኑ ቲማቲም ከሳጥኑ ከወጣ ሌላ፣ ማሽን ካልነካው ቲማቲም ጋር ለምኜ ወሰድኩና ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ የያዘው ቲማቲም በሁለት ትይዩ ጎኖቹ የአውራ ጣት ጫፍ በሚያህል ስፋት ለስልሶ አገኘሁት። ሲቆረጥ በፍሬው ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ በዚያ በኩል ደፍርሷል። ሌላኛው ደህና ነበር።

ይህን የማነሣው ተማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ በኋላ ወርክሾፓቸው ድረስ ሄጄ ሥራውን ሲያስተካክሉ አይቻለሁ፤ ከማንም በላይ ስህተታቸውን በግልጽ የተናገሩት እነሱ ናቸው። የምወቅሰው ጭብጨባችንን ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይገዛ ወይም ይባዛ የሚል ሐሳብ በየወረዳው ሲነሣ የሚታየው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ያው እንቁላል ነው። እንቁላል ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሳሳተ ፈተና ነው።

እንቁላል ለምን አታለለን?

እንቁላል ደካማ የሚመስለን ከእጃችን ወድቆ ሲሰበር ስለምናየው ነው። መውደቅና መጨበጥ ግን ይለያያሉ። ቅርፊቱ ጠንካራና እንደ ቅስት የተጠማዘዘ በመሆኑ በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ቀስ ተብሎ ሲጫን የዶሮ እንቁላል በአብዛኛው ሦስት ኪሎና ከዚያ በላይ ይሸከማል። ሲሸነፍም ፊት ለፊት ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱ አይደበቅም።

የበሰለ ቲማቲም የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጡ ስስና ተለጣጭ ስለሆነ ሲጫን ይረግባል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ውስጡ የተጎዳ ሥጋ ግን አይመለስም። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ቲማቲሙ በነጋዴው ሳጥን ወይም በሸማቹ ቤት እያለ ነው። ስለዚህ እንቁላልን በአንድ ኪሎ ኃይል ጨብጦ ሳይሰብር ያነሣ እጅ በዚያው ኃይል ቲማቲም ሊያበላሽ ይችላል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የቆመ ሰው ግን አያየውም።

ርካሽ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ የሚገጠሙት ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ ይህን ኃይል አያጡትም። በተማሪዎች ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው መካከለኛው የሰርቮ ሞተር ከመሐሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ የሚገፋ ጉልበት አለው። ጣቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ጫፉ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ይደርሳል። ሞተሩ የሚያውቀው «እዚህ ማዕዘን ድረስ ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። መሐል ላይ ቲማቲም ይኑር ድንጋይ አያውቅም፤ ያዘዙት ማዕዘን እስኪደርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል። የኃይል ሴንሰር የሚያስፈልገው ይህን ዕውር ጉልበት በሰዓቱ «በቃህ» ለማለት ነው።

ስንት ግራም ይበቃል?

ተማሪዎቹ ወርክሾፕ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው እጁ በምን ያህል ኃይል እንዲይዝ እንዳዘዙት ነው። እንቁላሉ እንዳይወድቅ እያዩ ከፍ እያደረጉ እንደወሰኑት ነገሩኝ። ይህ ከላይ ወደ ታች መሥራት ነው። መነሻው መሆን ያለበት ቲማቲሙ እንዳይወድቅ ቢያንስ ስንት ያስፈልጋል የሚለው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጣቶቹ ቲማቲሙን ከታች አይደግፉትም፤ ከግራና ከቀኝ ተጭነው በሰበቃ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ክብደቱንና ሰበቃውን ማወቅ ይበቃል። ክብደቱን የወጥ ቤት ሚዛን ይነግረናል፤ 120 ግራም ነው እንበል። ሰበቃውን ለማወቅ ደግሞ ጣቱ የተሸፈነበትን ላስቲክ አንድ ጣውላ ላይ ለጥፎ ቲማቲሞቹን ማስቀመጥና የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ማንሣት ነው። አንድ ቲማቲም ብቻውን ከተቀመጠ ስለሚንከባለል ሦስቱን በማጣበቂያ ፕላስተር አንድ ላይ ማሰር ያስፈልጋል። መንሸራተት ሲጀምሩ የተነሣው ጫፍ ከፍታ መሬት ላይ ላለው አግድም ርቀት ይካፈላል። ርቀቱ 100 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከፍታው 50 ከሆነ ሰበቃው 0.5 ነው።

በዚህ ቁጥር ሁለቱ ጣቶች በድምሩ 240 ግራም፣ እያንዳንዱም 120 ግራም ተጭኖ ቢይዝ ቲማቲሙ ለጥቂት አይወድቅም። ለመጠባበቂያ እጥፍ እናድርገውና እያንዳንዱ ጣት 240 ግራም ይጫን። ከተማሪዎቹ የመጀመሪያ ውሳኔ ጋር ሲነጻጸር ይህ በጣም ትንሽ ነው።

ቲማቲሙ ታጥቦ እርጥብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጣውላው ላይ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቢንሸራተት ሰበቃው 0.3 ሆነ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛው ኃይል ለእያንዳንዱ ጣት 200 ግራም ይሆናል። 240 ግራም የታዘዘው እጅ ቆሞ ሳለ ይይዘዋል። ክንዱ በፍጥነት ሽቅብ ሲነሣ ግን ቲማቲሙ በግማሽ እንደጨመረ ሆኖ ስለሚከብድ የሚያስፈልገው 300 ግራም ነው፤ በ240 ይንሸራተታል። ጠዋት በደረቅ ቲማቲም የሠራ እጅ ከሰዓት በኋላ በታጠበ ቲማቲም የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ሲጥል የሚያደርጉት ኃይሉን ለሁሉም ቲማቲም ከፍ ማድረግ ነው። ያ ደግሞ ወደ ተበላሸው ቲማቲም ይመልሰናል።

የላይኛው ጣሪያም በግምት ሊወሰን አይገባም። ተማሪዎቹ ያደረጉት የሚከተለውን ነው። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን የተለቀሙ፣ እኩል የቀሉ ቲማቲሞችን ለአራት ከፈሉ። አንዱን ክፍል በ300፣ ሌላውን በ500፣ በ800ና በ1 ሺህ 200 ግራም በጣቱ እያስጫኑ ምልክት አደረጉባቸው። ያልተነኩም ለማነጻጸሪያ አስቀሩ። ሦስት ቀን ጠብቀው ቆረጧቸው። ጉዳት መታየት ከጀመረበት ደረጃ አንድ ዝቅ ብለው ጣሪያውን 500 ግራም ላይ አደረጉት። ይህ ቁጥር የእነሱ ቲማቲም፣ የእነሱ የብስለት ደረጃና የእነሱ የጣት ስፋት ውጤት ነው። ሌላ ቀበሌ ወስዶ እንደ ሕግ መጠቀም አይቻልም፤ ዘዴውን ግን መውሰድ ይቻላል። የጣቱ ስፋት ራሱ ብዙ ይለውጣል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ገጽ የሚያከፋፍለውን ኃይል ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ አንድ መስመር ላይ ያሳርፈዋል።

የሚዋሽ ሴንሰር

ወርክሾፑ ውስጥ ካየኋቸው ሙከራዎች ሁሉ ያስገረመኝ ቀላሉ ነው። ጣቱ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ እንዲጫን ተደረገና በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥርና ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ጎን ለጎን ተጻፈ። በሴንሰሯ መሐል ሲጫን ቁጥሮቹ ተቀራረቡ። ወደ ጠርዝ ሲጫን ግን ሚዛኑ እየጨመረ ሳለ ኮምፒውተሩ ትንሽ ኃይል ብቻ ያሳይ ነበር። በዐውደ ርዕዩ ላይ የሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቲማቲሙ ከሴንሰሯ ጎን አርፎ ስለነበር ሴንሰሯ «ገና ነው» ስትል ሞተሩ መግፋቱን ቀጠለ።

ምክንያቱ የሴንሰሯ አሠራር ነው። ይህቺ ስስ ሴንሰር ስትጫን የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይቀንሳል፤ የሚለካውም ያ ነው። ንቁ የሆነው ክፍሏ ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክብ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያረፈ ኃይል ለእሷ የለም። መፍትሔው ከላይዋ እሷን ብቻ የምትነካ ትንሽ ጠንካራ ክብ ማስቀመጥ፣ በዚያች ክብ ላይ ደግሞ የጣቱን ሰፊ ገጽ ማሳረፍ ነው። ያን ጊዜ ቲማቲሙ ጣቱ ላይ የትም ቢያርፍ ኃይሉ በክቧ በኩል ያልፋል።

ይህም ሆኖ ስሷ ሴንሰር ሌሎች ጸባዮች አሏት። ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድና እየቀነሰ ሲመጣ በአንድ ዓይነት ጭነት የምታሳየው ቁጥር እስከ አሥር በመቶ ሊለያይ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ተጭና ስትቆይም ቁጥሯ በራሱ ይንሸራተታል። «ነካሁ ወይስ አልነካሁም» ለሚለው ጥያቄ በቂ ናት፤ 240ን ከ300 ለመለየት ግን አታስተማምንም። ተማሪዎቹ በመጨረሻ የተጠቀሙት በወጥ ቤት ሚዛን ውስጥ የምትገኘውን ትንሽ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጓ ስትታጠፍ በላይዋ የተለጠፉት ስስ ሽቦዎች መቋቋም ይለወጣል። ጣቱን ራሱን በዘንጓ ላይ ስለሠሩት ኃይሉ የትም ቢያርፍ መታለል ቀነሰ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የዘንጓን መልእክት ወደ ቁጥር የሚለውጠው ኤችኤክስ 711 የተባለው ርካሽ ቦርድ በሰከንድ 10 ወይም 80 ጊዜ እንዲያነብ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። በገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ ቦርዶች በ10 ላይ ተገናኝተው ነው የሚመጡት። ጣቱ በሰከንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢዘጋ በሁለት ንባብ መካከል አምስት ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ቲማቲሙ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 200 ግራም የሚመልስ ቢሆን ሴንሰሩ ሳያይ አንድ ኪሎ ተጨመረ ማለት ነው። ወደ 80 ንባብ ቀይረው ፍጥነቱን በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲያደርጉት በሁለት ንባብ መካከል የሚጨመረው 25 ግራም ብቻ ሆነ። ማሽኑ ገር የሆነው ጣቱ ስለለሰለሰ ሳይሆን የሴንሰሩን ንባብ መጠበቅ ስለቻለ ነው።

የርካሽነቱ ዋጋ የሚከፈለው በየዕለቱ ጥንቃቄ ነው። ሙቀት ሲለዋወጥ የዘንጓ ዜሮ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭብጥ በፊት፣ ጣቶቹ ክፍት ሳሉ፣ ዜሮ መደረግ አለበት። በየጠዋቱ ደግሞ ክብደቱ የታወቀ ነገር ሊጫንበት ይገባል። ሚዛን ላይ የተመዘነ ግማሽ ሊትር ውኃ ለዚህ ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው ያልተመደበለት ማሽን በሳምንቱ መጨረሻ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም።

ካሜራው የሚያየውና የማያየው

በዐውደ ርዕዩ ላይ የነበረችው ካሜራ ከላይ ሆና ቲማቲሙ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና ምን ያህል እንደቀላ ታያለች። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ጣቶቹ ምን ያህል ተከፍተው መቅረብ እንዳለባቸው ከዚህ ይታወቃል። ብርሃን ግን ያታልላታል። በመስኮት የገባ ፀሐይ ቲማቲሙ ላይ የሚጥለው ነጸብራቅ ነጭ ነጥብ ይፈጥራል፤ ኮምፒውተሩም አንዱን ቲማቲም ሁለት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። መጋረጃ፣ ከጎን የሚመጣ ቋሚ ነጭ መብራትና ከሥር የተነጠፈ ጥቁር ጨርቅ ከውድ ካሜራ የተሻለ ያገለግላሉ።

ከላይ ያለችው ካሜራ የማታየው መንሸራተትን ነው። ቲማቲም ሲንሸራተት ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ከላይ ለሚያይ ዓይን ባለበት የቆመ ይመስላል። ርቀቱም አይፈቅድላትም። ምስሉ በወርዱ 640 ነጥቦች ኖረውት 40 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ የሚሸፍን ከሆነ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 16 ነጥብ ይደርሳል። ሁለት ሚሊ ሜትር መንሸራተት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከምስሉ መርገብገብ አይለይም። ተማሪዎቹ ሁለተኛ ርካሽ ካሜራ ከጣቶቹ ጎን አጠገብ ገጠሙ። ያቺ የምታየው አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 64 ነጥብ ደረሳት፤ ሁለት ሚሊ ሜትር መንሸራተት 13 ነጥብ ያህል ሆኖ በግልጽ ታየ።

አሁን እጁ የሚሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የላይኛዋ ካሜራ ቦታውንና ስፋቱን ትናገራለች። ጣቶቹ ክፍት ሳሉ ዜሮ ይደረጋሉ፤ ከዚያም ቲማቲሙ አጠገብ እስኪደርሱ ፈጥነው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ይዘጋሉ። 20 ግራም ሲነበብ «ነካሁ» ይባላል። 240 ሲደርስ ይቆማሉ። ክንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሥቶ ይጠብቃል። የጎን ካሜራዋ ቲማቲሙ ከጣቱ አንጻር ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ መውረዱን ካየች 40 ግራም ይጨመራል፤ እንደገና ይታያል። 500 ላይ ደርሶም ከተንሸራተተ እጁ ቲማቲሙን መልሶ አስቀምጦ ለሰው ይተወዋል።

በዚህ ውስጥ የሥራ ክፍፍሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ካሜራዋ በሰከንድ 30 ምስል ብታነሣም ኮምፒውተሩ ምስሉን እስኪመረምር ጊዜ ይሄዳል። የጭብጡን ኃይል በየቅጽበቱ የሚቆጣጠረው ፈጣኑ የኃይል ሴንሰር ነው። ካሜራዋ የምትወስነው «ኢላማው ይጨመር» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ገልብጦ ጣቱን በካሜራ ብቻ የሚዘጋ መሣሪያ ቲማቲሙ መጨፍለቁን የሚያየው ከተጨፈለቀ በኋላ ነው። በተገላቢጦሽ ሴንሰር ብቻ ያለው ደግሞ ደረቁንና እርጥቡን አይለይም፤ ሁለቱንም በአንድ ኃይል ይይዛል።

ገር እጅ፣ ጨካኝ ሳጥን

እስከዚህ ያነበበ የወረዳ ባለሙያ «እንግዲያው የተስተካከለውን እንግዛ» ሊል ይችላል። እኔ ግን አሁን አይገዛም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ጥንቃቄ ጊዜ ይወስዳል። አንዱን ቲማቲም አንሥቶ ለማስቀመጥ ስድስት ሰከንድ ቢፈጅ በሰዓት 600 ቲማቲም፣ በ120 ግራም ሲባዛ 72 ኪሎ ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ ለመሙላት ሳያቋርጥ ወደ 70 ሰዓት ይወስድበታል። በመልቀሚያ ወቅት ነጋዴው መኪናውን አቁሞ ይህን ያህል አይጠብቅም። በማሳ ውስጥ ቅጠል ለቅጠል ተሸፍኖ የተንጠለጠለውን ፍሬ መልቀም ደግሞ ጭራሽ ሌላና እጅግ የከበደ ሥራ ነው፤ ይህ እጅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ነው የሚያነሣው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። እጁ ቲማቲሙን በ240 ግራም ገርቶ ይይዘዋል፤ ከዚያ የት ያስቀምጠዋል? እንደተለመደው ጥልቅ በሆነው የእንጨት ሳጥን ውስጥ። የሳጥኑ ጥልቀት 54 ሴንቲ ሜትር፣ የቲማቲሙ ስፋት ስድስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን በግምት ዘጠኝ ድርብ ይሆናል። ከታች ያለው ቲማቲም የስምንት ቲማቲም ክብደት፣ ማለትም 960 ግራም ገደማ ይሸከማል። የሳጥኑ ጎንና አጠገቡ ያሉት ቲማቲሞች የተወሰነውን ይጋሩታል፤ ነገር ግን መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ያው ጭነት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚጫነውም ለሁለት ሰከንድ ሳይሆን ገበያ እስኪደርስ ድረስ ነው። ያልተላገ የጣውላ ጠርዝና የወጣ ምስማር ሲጨመርበት ተማሪዎቹ ለጣታቸው ያወጡት የ500 ግራም ጣሪያ ከታችኛው ድርብ ላይ ትርጉም የለውም።

ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ግን አምስት ድርብ ብቻ ይገባል። ከታች ያለው የሚሸከመው አራት ቲማቲም፣ ወደ 480 ግራም ነው። ሲደራረብም ክብደቱን የሚሸከመው የሳጥኑ አካል እንጂ ቲማቲሙ አይደለም፤ ይህ የሚሆነው ግን ከአፉ በላይ ተከምሮ ካልሞላ ነው። እንግዲህ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ካለው የመጀመሪያው ግዢው የትኛው መሆን እንዳለበት ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ታዲያ የተማሪዎቹ ሥራ ከንቱ ነው? አይደለም። ያቺ የምትለካ ጣት ከማንሣት በፊት የሚያስፈልገንን ነገር ትሰጠናለች። በአካባቢያችን የሚመረተው ቲማቲም መቅላት ሲጀምር ስንት ግራም፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀላ ስንት ግራም እንደሚችል ለክታ ትነግረናለች። ቲማቲሙ ገበያ ላይ ተበላሽቶ ሲገኝ አርሶ አደሩ ነጋዴውን፣ ነጋዴው ጫኙን፣ ጫኙ መንገዱን ይወቅሳል። አምራቹ በስንተኛው የቅላት ደረጃ ቢለቅም፣ ሳጥኑ ስንት ድርብ ቢይዝ ቲማቲሙ እንደሚችል በቁጥር ከታወቀ ክርክሩ መነሻ ያገኛል። ለዚህ ደግሞ ክንዱ፣ ካሜራውና ኮምፒውተሩ ሁሉ አያስፈልጉም፤ አንዲት ጣት፣ አንዲት የሚዛን ዘንግና አንድ ትጉ የልማት ሠራተኛ ይበቃሉ። ሙሉው እጅ ቦታ የሚኖረው ምርቱን አጥቦና ለይቶ በትንንሽ ማሸጊያ በቁጥር የሚሸጥ ማኅበር ሲኖር፣ በዚያም ላይ በሰዓት 72 ኪሎ በቂ ሲሆን ነው።

በሚቀጥለው ዐውደ ርዕይ

ስለዚህ ለወረዳ አመራሮች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ እጅ ሲቀርብላችሁ እንቁላሉን ወደ ጎን አድርጉት። አንድ አርሶ አደር ከራሱ ሳጥን 40 የበሰለ ቲማቲም ያምጣ፤ ግማሹን ውኃ ንከሩት። ማሽኑ ሁሉንም ያንሣ፤ ስንት እንደጣለ ይቆጠር። ጣቱ ሚዛን ላይ በመሐሉም በጠርዙም ይጫንና ሁለቱ ቁጥሮች ይመሳከሩ። የተነሡት ቲማቲሞች ማሽን ካልነካቸው ጋር ተለይተው ይቀመጡና በሦስተኛው ቀን በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች ፊት ይቆረጡ። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ተማሪዎቹን በቅርብ ሳገኛቸው ይህን ፈተና ራሳቸው እያካሄዱ ነበር። እርጥቦቹ ላይ ገና ይጥላል፤ ሳይደብቁ የጣለውን ቁጥር ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። እኚያ አርሶ አደርም ሁለት ጊዜ ቲማቲም ይዘው መጥተው እንደነበር ነገሩኝ። በሁለተኛው ጊዜ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ቢላዋውን የያዙት እሳቸው ናቸው።